በ180 ዩሮ የገዛሁት «ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ»

የአገር ቤት መንጃ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ ጀርመን ለገባችሁ ነው የምጽፈው። ቴሌግራም ላይ «ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ፣ ያለ ፈተና፣ 10 ዓመት የሚሠራ» የሚል ካያችሁ እለፉት። እኔ 180 ዩሮዬን ከፍዬበታለሁ።

ካርዱ በፖስታ መጣ። ፎቶዬ አለበት፣ የሚያብረቀርቅ ማኅተም አለበት። እውነቱን ለመናገር ከዋናው ያምራል።

ትክክለኛው ግን ካርድ አይደለም፤ የወረቀት ደብተር ነው። መንጃ ፈቃዳችሁን በብዙ ቋንቋ ተርጉሞ ከማሳየት ያለፈ ሥራ የለውም። የሚያወጣው ዋናውን ፈቃድ የሰጣችሁ አገር ነው፣ የሚሠራውም ቢበዛ 3 ዓመት ነው። ዋናው አብሮት ከሌለ ዋጋ የለውም። «10 ዓመት» ሲለኝ መንቃት ነበረብኝ።

ገንዘቡስ ይሁን። የጎዳኝ «በዚህ እንደፈለግህ ንዳ» ያለኝ ነው። ጀርመን ውስጥ መኖር ከጀመራችሁበት ቀን አንስቶ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የሚሠራው 6 ወር ነው። ከዓመት በላይ እንደማትቆዩ ካስረዳችሁ ሊራዘም ይችላል፤ ለመኖር የመጣ ሰው ግን ይህ አይመለከተውም። ከዚያ በኋላ እውነተኛው ደብተርም አያድንም።

እኔ ፍራንክፈርት የገባሁትና የተመዘገብኩት ጥር 14 ነው። ስለዚህ ሐምሌ 14 ላይ አበቃ። መስከረም 3፣ በጓደኛዬ መኪና፣ ፖሊስ አስቆመኝ። ካርዱን ገልበጥ አድርጎ አየና መለሰልኝ። ቀጥሎ የጠየቀኝ መቼ እንደተመዘገብኩ ነበር። አለቀ። ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳት ተባለ፤ ይህ እዚህ ወንጀል ነው፣ እስከ 1 ዓመት እስር ወይም የገንዘብ ቅጣት አለው። ከሁሉ ያሳፈረኝ ለጓደኛዬም ደብዳቤ መድረሱ ነው። ፈቃድ ለሌለው ሰው መኪናውን የሰጠ ባለቤትም ይጠየቃል።

ሕጋዊው መንገድ «ኡምሽራይቡንግ» ይባላል፤ መንጃ ፈቃድን ወደ ጀርመኑ ማዞር ነው። ኢትዮጵያ ያለ ፈተና ከሚቀየርላቸው አገሮች ውስጥ የለችም። ስለዚህ የጽሑፍም የመንዳትም ፈተና አለ። የዓይን ምርመራና የመጀመሪያ ርዳታ ኮርስም ይፈልጋሉ። ደስ የሚለው፣ እንደ ጀማሪ ግዴታ የሆኑትን የመኪና ትምህርት ሰዓቶች መውሰድ የለባችሁም። የሚያስፈልጋችሁን ያህል ተለማምዳችሁ፣ በትምህርት ቤቱ መኪና ትፈተናላችሁ። የጽሑፉ ፈተና በአማርኛ የለም፤ በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ ግን መውሰድ ይቻላል። ስድስት ወሩ ቢያልፍም ማመልከት ትችላላችሁ፤ እስኪያልቅ ድረስ ግን መሪ አትንኩ።

ሻጩን ገንዘቤን መልስ ስለው ብሎክ አደረገኝ። ማስታወቂያው ትናንትም ነበር። ዋጋው 220 ገብቷል።