የትምህርት ቤት ክፍያ ላይ ያልገባችሁ መስመር ካለ አራት ኪሎ ያሉትን ጋሼን ልጠቁማችሁ

ይህ ምስጋናም ጥቆማም ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ደብዳቤና ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ አባት አሉ። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ብቻ ነው የሚላቸው፤ ስማቸውን እንዳልጽፍም ለምነውኛል። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርተዋል። አሁን አንድ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጠው እሳቸው ይናገራሉ፣ ልጅቷ ትተይባለች።

ልጄ እዚሁ መሀል ከተማ በሚገኝ የግል ትምህርት ቤት 4ኛ ክፍል ናት። የካቲት ላይ የ3ኛው ሩብ ዓመት ስቴትመንት መጣልን። የትምህርት 9,600 ብር፣ የሰርቪስ 3,900 ብር ይላል። እነዚህን እናውቃቸዋለን። ከሥር ግን አዲስ መስመር ተጨምሯል፤ «ማስተካከያ 960»። ድምሩ 14,460 ሆኗል። እስከዚያ በየሩብ ዓመቱ ስንከፍል የነበረው 13,500 ነው።

ፋይናንስ ክፍል ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ሲስተሙ ነው ያወጣው» አለችኝ። ሲስተሙን ማን እንደሚጠይቅልኝ ግን አልነገረችኝም። በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ስጠይቅ እንዲህ ያለ መስመር የመጣበት ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ የክፍያ ጭማሪ አይደለም፤ ጭማሪ ቢሆን ሁሉም ላይ ይመጣ ነበር።

ባለቤቴ በንዴት ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈ። «ያለ አግባብ»፣ «ሕገ ወጥ»፣ «ዝርፊያ» የሚሉ ቃላት አሉበት። መጨረሻው ላይ «ግልባጭ፡ ለትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን» ብሎበታል። እሱን ይዤ እንዲተየብልኝ ብቻ ነበር ወደ ጽሕፈት ቤቱ የገባሁት።

ጋሼ ረቂቁን እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ አጥፈው ወደ ጎን አስቀመጡትና «ስቴትመንቱ የታል ልጄ?» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ካልኩሌተር አውጥተው 960ን ለ13,500 አካፈሉ፤ ምንም የሚመስል ነገር አልወጣም። ለ9,600 ሲያካፍሉ ግን ልክ 10 በመቶ ሆነ። «ይኸ ማስተካከያ አይደለም። አንድ ሰው የትምህርቱን ክፍያ ብቻ ወስዶ በመቶኛ መትቶታል» አሉ። ቀጥለው ምዝገባ ላይ የፈረምኩትን የወላጅ ውል ጠየቁኝ። ስልኬ ላይ ፎቶው ነበረ። እውነትም አንድ አንቀጽ አለ፤ ክፍያው ከተቆረጠው ቀን ካለፈ በትምህርት ክፍያው ላይ 10 በመቶ ቅጣት ይታሰባል ይላል። እኛ ግን አሳልፈን አናውቅም።

«እንግዲያው ቅጣት ጣላችሁብን፣ እኛ አላሳለፍንም ብለን እንጻፍ» አልኳቸው። እምቢ አሉ። የሚከተለውን ነው ያስተየቡት፦

«ለ… ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፡ በ3ኛ ሩብ ዓመት የክፍያ ስቴትመንት ላይ ስለሚገኝ አንድ መስመር ማብራሪያ ስለመጠየቅ

በትምህርት ቤታችሁ የ4ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የልጄ … የ3ኛ ሩብ ዓመት ስቴትመንት ደርሶኛል። በስቴትመንቱ 3ኛ መስመር ላይ ‹ማስተካከያ 960› የሚል ተጽፏል። ይህ መስመር በ1ኛውና በ2ኛው ሩብ ዓመት ስቴትመንቶች ላይ አልነበረም። ስለሆነም፣ 960 ብሩ የምን ክፍያ እንደሆነ፣ የየትኛው ሩብ ዓመት እንደሆነ፣ በምን ስሌትና በየትኛው የትምህርት ቤቱ ደንብ ወይም ውል አንቀጽ እንደተጠየቀ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የትምህርትና የሰርቪስ ክፍያ የሆነውን 13,500 ብር በወቅቱ የከፈልኩ ሲሆን፣ ደረሰኙንና የስቴትመንቱን ቅጂ በ2 ገጽ አባሪ አድርጌ አቅርቤአለሁ። መልሱን እስከ የካቲት 30 ብታሳውቁኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር»

ይኸው ነው። ከሥሩ ስሜ፣ ፊርማዬና ስልኬ።

ቅጣት የሚለውን ቃል ለምን እንዳላስገቡት ስጠይቃቸው የሰጡኝ መልስ ነው እሳቸውን እንድጠቁማችሁ ያደረገኝ። «ምክንያቱን አንቺ ከነገርሻቸው ‹አዎ እሱ ነው› ይሉሻል፤ ፋይል የሚከፍት የለም። ምክንያቱን እነሱ ይጻፉት። አንዴ ከጻፉት ወዲያ የምትይዥው ነገር ይኖርሻል።» ጥያቄውን ለሦስት የከፈሉትም ለዚሁ ነው። «ማብራሪያ ይሰጠኝ» ብቻ ብንል ኖሮ «የሒሳብ ማስተካከያ ነው» የሚል የአንድ መስመር ወረቀት ይመጣልን ነበር። የየትኛው ሩብ ዓመት እንደሆነና ስሌቱን ለመመለስ ግን የግድ መዝገቡን ማየት አለባቸው።

ያስገረመኝ ሌላው ነገር መጀመሪያ 13,500ውን ክፈዪ ማለታቸው ነው። ባለቤቴ መልስ እስኪመጣ አንድም ብር አንከፍልም ብሎ ነበር። ጋሼ እንደሚሉት፣ የማያከራክረውን ገንዘብ ከያዝሽ የመክፈያው ቀን ያልፍና በ3ኛው ሩብ ዓመት ላይ እውነተኛ ቅጣት ይመጣብሻል። ያኔ የመጀመሪያውም ጥያቄ አብሮ ይደበላለቃል። 960ዋን ደግሞ አልከፍልም ብሎ መጻፍ አያስፈልግም። ከፍለን የላክነው ደረሰኝ ራሱ ይናገራል።

ግልባጩንም አወጡት። የግል ትምህርት ቤቶችን የሚቆጣጠረው ያ ባለሥልጣን መሆኑን ያውቃሉ፣ ቅርንጫፉ የት እንዳለም ያውቃሉ። ግን ትምህርት ቤቱ ገና ያልተጠየቀውን ጥያቄ ለበላይ መላክ ክስ እንጂ ጥያቄ አይደለም አሉ። ግልባጭ ያለበት ደብዳቤ ሲደርሰው ርዕሰ መምህሩ ፋይናንሱን ትቶ የሚጠራው የሕግ አማካሪውን ነው። የቆረጥነው ቀን ካለፈ በሁለተኛው ደብዳቤ ላይ እናደርገዋለን አሉ። አላስፈለገም።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አትመው ሲሰጡኝ እንዴት እንደማስገባ እንደ ልጅ አስተማሩኝ። አንዱን ለጸሐፊዋ ትሰጪያለሽ። ሁለተኛው ላይ «ተቀብያለሁ» ብላ ቀን ጽፋ እንድትፈርም ታደርጊያለሽ። የገቢ መዝገብ ካላቸው የገቢ ቁጥሩን ታጽፊያለሽ፤ ማህተም ካለ ይመታበት። የመዝገብ ቤት ሰው መሆናቸው እዚህ ላይ ያስታውቃል። ጸሐፊዋ መጀመሪያ «ተይው፣ አደርስልሻለሁ» ብላኝ ነበር። ቅጂው ላይ እንድትፈርም ስጠይቃት ግን ሳታንገራግር ፈረመች።

መልሱ ከተቆረጠው ቀን በፊት መጣ። በጽሑፍ፣ ከቲተርና ከማህተም ጋር። 960 ብሩ የ2ኛው ሩብ ዓመት የዘገየ ክፍያ ቅጣት ነው፤ የመጨረሻው ቀን ኅዳር 25 ሲሆን ክፍያው የተመዘገበው ታኅሣሥ 4 ነው ይላል። በባንክ ደረሰኛችን ላይ ደግሞ ገንዘቡ የገባው ኅዳር 21 ነው። ሁለቱም ቀኖች ትክክል ናቸው፤ አንዱ ገንዘቡ ሒሳባቸው ውስጥ የገባበት፣ ሌላው እነሱ የልጄ መሆኑን አውቀው የጻፉበት ነው።

መሀል ላይ ምን ተፈጠረ? የ2ኛውን ሩብ ዓመት በስልኬ የላክሁት እኔ ነኝ። የባንኩ ዝርዝር ላይ የወጣው የእኔና የአባቴ ስም ነው። ልጄ የምትጠራው በአባቷና በአያቷ ስም ስለሆነ፣ በእኔ ስም ውስጥ ለእሷ የሚመራ አንድም ቃል የለም። በምክንያት ቦታው ላይ የጻፍኩት የተማሪ ቁጥሯ ደግሞ በትምህርት ቤቱ በኩል በሚወጣው ዝርዝር ላይ አይታይም ኖሯል። ስለዚህ ብሩ «ባለቤቱ ያልታወቀ ገቢ» ሆኖ ተቀመጠ። ባለቤቱ ሲታወቅ ያወቁበት ቀን ተመዘገበ፤ ሲስተሙም ቀኑን አይቶ ቅጣት መታ። ማንም ሆን ብሎ ያደረገው ነገር አልነበረም። «ዝርፊያ» የሚለው ደብዳቤ ገብቶ ቢሆን ምን ፊት ይዤ እንደምገባ እንጃ።

ሁለተኛው ደብዳቤ በጣም አጭር ነበር። የመልሳቸውን ቀንና ቁጥር ጠቅሶ፣ የኅዳር 21ዱን የባንክ ደረሰኝ አያይዞ፣ ቅጣቱ እንዲሰረዝና የተስተካከለ ስቴትመንት እንዲሰጠን ይጠይቃል። «እንዲሰረዝ» ብቻ ብዬ ነበር፤ ጋሼ ናቸው የተስተካከለ ስቴትመንት የሚለውን ያስጨመሩት። በቃል ተሰርዟል ብለው ሲስተሙ ላይ ከቆየ በ4ኛው ሩብ ዓመት «ያለፈ ቀሪ» ተብሎ ይመለሳል አሉኝ። አዲሱ ስቴትመንት እጄ ገብቷል፤ ቀሪ ዜሮ ይላል። አሁን ስከፍል በባለቤቴ ሒሳብ በኩል ነው፤ ደረሰኙንም በዚያው ቀን ለፋይናንስ ክፍሉ እልካለሁ።

ጋሼ ሁሉን አይችሉም፣ እሳቸውም አይሉም። የፍርድ ቤት ክስ አይጽፉም፤ ጠበቃ ጋ ሂዱ ይላሉ። በፈረማችሁት ውል ውስጥ ያለ ክፍያ ከሆነ ደግሞ ደብዳቤ አይሰርዘውም ብለው በግልጽ ይነግሯችኋል። አንዷን እናት ፊቴ ላይ እንዲሁ መልሰዋታል፤ ገንዘቧንም አልተቀበሉም። ቸኩሎ ለሚመጣ ሰውም አይመቹም። ወረቀት ሁሉ ካላነበቡ አንድ ቃል አያስተይቡም፣ እስከዚያ ወረፋው ይረዝማል። ከሰዓት በኋላ መሄድ ይሻላል፤ ጠዋት የተማሪዎች ጥናታዊ ጽሑፍ የሚታተምበት ሰዓት ስለሆነ ቤቱ ይጨናነቃል።

ለሁለቱም ደብዳቤ የጠየቁኝ ከትየባው ጋር 300 ብር ነው። ጨምሬ ልሰጣቸው ብሞክር ተቆጡኝ። ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አቅጣጫውን እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ ያስቸገራችሁን ስቴትመንት፣ ከሱ በፊት የነበረውን ስቴትመንት፣ የባንክ ደረሰኞቹንና ምዝገባ ላይ የፈረማችሁትን ውል ያዙ። ያለፈውን ስቴትመንት ሳትይዙ ከሄዳችሁ ጋሼ መልሰው ነው የሚልኳችሁ።