ፎረፎር ሁሉ ድርቀት አይደለም፦ የዘይት ፓኬጅ ከመክፈላችሁ በፊት

"ራስሽ ደርቋል፣ ዘይት ይፈልጋል" ተብላችሁ የትሪትመንት ፓኬጅ በቅድሚያ ክፈሉ ከተባላችሁ ገንዘባችሁን ያዙት። እህቴ በአንድ ጸጉር ቤት የገጠማት ይኸው ነው። በየሳምንቱ በሞቀ ዘይት እየታሸች ስቲም ትገባለች። በመሃል እንዳትታጠብም ነገሯት። ማሳከኩ ባሰባት። ቀሪውን ገንዘብ ስትጠይቅ "ፓኬጅ አይመለስም" አሏት።

በጣም የሚያናድደው፣ ጸጉሯን ከፈል አድርጎ ያየ ሰው ድርቀት እንዳልሆነ ይገባው ነበር። ቅርፊቱ ሰፋ ያለና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። ስታከው ጥፍሯ ስር እንደ ሰም ይጣበቃል። ቅንድቧና የአፍንጫዋ ዳርና ዳርም ይላላጣል። የደረቀ ራስ እንዲህ አይደለም። ቅርፊቱ ደቃቅና ነጭ ነው፣ ገና ሲነኩት ትከሻ ላይ ይረግፋል። ቆዳው ይወጠራል፤ ብዙ ጊዜ እጅና እግርም አብሮ ይደርቃል።

ካላመናችሁ መታጠቢያ ቀናችሁን ተከታተሉ። እህቴ ቅዳሜ ከታጠበች እሁድ ሰላም ናት። ማክሰኞ ገደማ የጸጉሯ ሥር ይወዛል፣ ያሳክካታል። ሐሙስ ቅርፊቱ ተመልሷል። የደረቀ ራስ ግን ተቃራኒው ነው፤ የሚብሰው ልክ ታጥቦ ሲደርቅ ነው፣ በተለይ ሻምፖው ጠንካራ ከሆነ።

በሁሉም ሰው ራስ ላይ ማላሴዚያ የሚባል ፈንገስ አለ። ምግቡ ቅባት ነው። የአንዳንዱ ሰው ቆዳ ፈንገሱ ቅባቱን ሲፈጭ በሚተወው ነገር ይቆጣል፣ ይላላጣል። ስለዚህ የወይራ ዘይት ጨምሮ ማሸት እሱኑ መቀለብ ነው። ግን ዘይቱ ቅርፊቱን አርጥቦ ስለሚያስተኛው ለአንድ ሁለት ቀን የጠፋ ይመስላል። ፓኬጁ የሚሸጠውም በዚሁ ነው።

ለእሷ የሠራላት ከፋርማሲ የተገዛ፣ ፈንገሱን የሚቀንስ 2% ኬቶኮናዞል ሻምፖ ነው። በሳምንት ሁለቴ፣ ቆዳው ላይ አምስት ደቂቃ አቆይቶ መታጠብ። ለውጡን ለማየት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። ጸጉሯ እንዳይደርቅ ቅባቱን ከሥሩ አርቃ ጫፉን ብቻ ትቀባለች። ራሱ በእውነት የደረቀ ሰው ግን ይህን ሻምፖ አይፈልግም፤ መታጠቡን ቀነስ አድርጎ ለስለስ ያለ ሻምፖ ይጠቀም።

ጄልና ቅቤ የምታበዙም አላችሁ። በጣት ሲያሹት የሚድቦለቦል ነጭ ነገር ካያችሁ የተጠራቀመ ቅባት ሊሆን ይችላል። ያ በአንድ ሁለት ጥሩ እጥበት ይለቃል።

ልጅ ራስ ላይ ጸጉሩ ተመልጦ የሚላላጥ ቦታ ካያችሁ ግን ጸጉር ቤትም ፋርማሲም አትቁሙ። ቆረቆር ሊሆን ይችላል። እሱ በሻምፖ ብቻ አይድንም፤ ሐኪም አይቶ የሚዋጥ መድኃኒት ማዘዝ አለበት። ወፍራም፣ ብርማ ቅርፊት ያለው ቀይ ቆዳም ለቆዳ ሐኪም ነው።