የውሉ ድምር 200 ዶላር፣ በአደራ የተቀመጠው 30 ዶላር፦ ለአማርኛ ድምፅ ገልባጮች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

ባሕር ዳር ሆናችሁ በአፕወርክ በኩል የአማርኛ ድምፅ ወደ ጽሑፍ የመገልበጥ ሥራ የምትፈልጉ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሁለት ወር በፊት እኔና ታናሽ እህቴ የተጎዳንበትን ሥራ በዝርዝር የምጽፍላችሁ ተመሳሳይ ማስታወቂያ ሰሞኑን እንደገና ስለወጣ ነው።

ማስታወቂያው የ20 ሰዓት ቃለ መጠይቅ በ200 ዶላር ተገልብጦ እንዲቀርብ የሚጠይቅ ነበር። ገንዘቡ በጅምላ ሲታይ ጥሩ ስለመሰለን፣ ከቅጂው አሥር ደቂቃ ያህል አስልከን በሰዓት እየለካን መሞከር ሲገባን በቀጥታ አመለከትን። ሙከራውን ያደረግነው ውሉን ከተቀበልን በኋላ ሲሆን፣ ሦስት አራት ሰዎች እየተሻሙ የሚናገሩበትን አሥር ደቂቃ ለመጻፍና መልሶ ለማረም አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀብን። በዚህ ስሌት ሥራው 120 ሰዓት ይወስዳል፤ ክፍያውም የድረ ገጹ ድርሻ ሳይቀነስ እንኳ ለአንድ ሰዓት ድካም 1 ዶላር ከ67 ሳንቲም ገደማ ይሆናል።

የሥራው ወሰንም ከመጀመሪያው ግልጽ አልነበረም። «በጥራት ይገልበጥ» ከማለት በቀር፣ እንደ «እህ» እና «ማለት» ያሉ መሸጋገሪያዎች ይጻፉ ወይስ ይዘለሉ፣ የተናጋሪዎቹ ማንነት ይለይ ወይስ አይለይ፣ የቅጂው ሰዓት በየስንት ጊዜው ይጻፍ የሚል አንድም ቃል አልነበረበትም። ሥራው ከተጋመሰ በኋላ አሠሪው በየ30 ሴኮንዱ የቅጂው ሰዓት እንዲጻፍ ጠየቀን፤ ይህን የሚከለክል ነገር ውሉ ላይ ስላልነበረ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ወደ ኋላ ተመልሰን ሠራነው።

የአሠሪው ገጽ ቀድሞ ብዙ ይናገር ነበር፤ እኛ ግን ያየነው «Payment method verified» የሚለውን ምልክት ብቻ ነው። ምልክቱ አሠሪው የመክፈያ ዘዴውን ማስመዝገቡንና ዘዴው መረጋገጡን እንጂ ለእናንተ የሚሆን ገንዘብ ማስቀመጡን አይገልጽም። ከሥሩ 14 ሥራ አውጥቶ 2 ሰው ብቻ እንደቀጠረና በጠቅላላው 60 ዶላር እንዳወጣ ተጽፏል። ከሁለቱ አንዱ የተወው አስተያየትም ሥራው ከተስማሙበት በላይ እንደሰፋበት ይናገራል። 60 ዶላር ብቻ ያወጣ ሰው 200 ዶላር አይከፍልም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን አሠሪ በቃሉ አምኖ መሥራት አይገባም ነበር።

ዋናው ጉዳት የደረሰብን ግን በክፍያ ዋስትናው ላይ ነው። በቁርጥ ዋጋ ውል አሠሪው ሥራውን «milestone» በሚባሉ ምዕራፎች ከፍሎ የእያንዳንዱን ገንዘብ በቅድሚያ በአደራ ያስቀምጣል። እኛ የተቀበልነው ውል 200 ዶላር ይበል እንጂ በአደራ የተቀመጠው ለመጀመሪያው ሦስት ሰዓት ቅጂ የሚሆን 30 ዶላር ብቻ ነበር። ያንን በሁለት ቀን ውስጥ አጽድቆ ሲለቅልን ልባችን አረፈ። ከዚያ በኋላ ቀነ ገደብ እንደደረሰበት ነግሮን፣ የቀረውን 17 ሰዓት አጠቃልለን በመልእክት ሳጥን እንድንልክለትና 170 ዶላሩን በአንድ ጊዜ እንደሚያስገባ ጻፈልን። እህቴ ከፔዳ ግቢ ትምህርቷ ስትመለስ፣ እኔም ማታ ማታ እየሠራን ለሦስት ሳምንት ያህል ደክመን ላክን። አሠሪው ፋይሎቹን ከወሰደ በኋላ መልስ አልሰጠም።

ለድረ ገጹ ስናመለክት፣ ለሁለተኛው ምዕራፍ በአደራ የተቀመጠ ገንዘብ ባለመኖሩ የሚዳኝ ክፍያ እንደሌለ ተነገረን። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ገንዘቡ በአደራ ገብቶ ሳለ ሥራችሁን «Submit Work» በሚለው ቁልፍ ብታስረክቡ፣ አሠሪው በ14 ቀን ውስጥ እርማት ካልጠየቀ ክፍያው በራሱ ይጸድቃል፤ ከዚያም አምስት ቀን ተጠብቆ ለማውጣት ዝግጁ ይሆናል። በመልእክት ሳጥን የተላከ ፋይል ይህን የ14 ቀን ቆጠራ አያስጀምርም። ስለዚህ የሚቀጥለው ምዕራፍ ገንዘብ መግባቱን በውሉ ገጽ ላይ በዓይናችሁ ሳታዩ የቀጣዩን ቅጂ የመጀመሪያ ደቂቃ እንኳ አትገልብጡ። እኛ ከዚያ ወዲህ ሥራውን በሦስትና በአራት ሰዓት ቅጂ እንዲከፈል እንጠይቃለን፤ እምቢ የሚለንንም እናልፋለን።

አሁን የወጣው ማስታወቂያ 35 ሰዓት ቅጂ በ300 ዶላር ይላል፤ ቃላቱ ከቀድሞው ጋር አንድ ናቸው። ለአንድ ሰዓት ቅጂ ከ9 ዶላር በታች ማለት ነው፤ ይህም ከእኛ ያነሰ ነው። የአሠሪው ገጽ አዲስ ስለሆነ እስካሁን ማንንም አልቀጠረም፤ «የቀረው በውስጥ መስመር ይነገራል» የሚል ሐረግም ተጨምሮበታል።