ፑሊን ዘንግ ላይ ማሰር፦ ቁልፍ ወይስ ማጥበቂያ ቡሎን?

ባለ 3 ኪሎዋት ሞተር በደቂቃ 1,450 ጊዜ ሲዞር ወደ 20 ኒውተን ሜትር የማዞር ጉልበት ይሰጣል። ዘንጉ 28 ሚሊሜትር ከሆነ ገጹ ላይ 1,400 ኒውተን ገደማ ያርፋል። ሲነሳ ደግሞ ከእጥፍም ሊያልፍ ይችላል።

ማጥበቂያ ቡሎን ይህን ሁሉ የሚይዘው ጫፉ ዘንጉን በነከሰባት ትንሽ ቦታ ነው። ንዝረት ሲያላላው ፑሊው ይንሸራተትና ዘንጉን ዙሪያውን ይቧጭረዋል። ከዚያ ፑሊውን መንቀልም ፈተና ነው። ለትንሽ ማራገቢያ ግን ይበቃል።

ቁልፍ ዘንጉና ፑሊው ላይ በተቆረጠ ቦይ ውስጥ የሚገባ ቁራጭ ብረት ነው፤ በሰፊ ጎኑ ስለሚገፋ ጫናው ይቀልለታል። ጠላቱ ልቅነት ነው። ቦዩ ውስጥ ከተንቀሳቀሰ በተነሳ ቁጥር ጎኑን ይቀጠቅጠዋል። ሞተሩ ሲነሳ «ቋ» ካለና በቁልፉ ዙሪያ ቀላ ያለ የብረት ዱቄት ካዩ፣ ጉዳቱ ጀምሯል። ቦዩ ከሰፋ ቁልፉን ብቻ መቀየር ዋጋ የለውም።

ለዚህ ሞተር እኔ ቁልፍ እመርጣለሁ። ቡሎኑንም ከላዩ አጠብቅበታለሁ፤ ሥራው ፑሊው ወደ ጎን እንዳይሸሽ መያዝ ብቻ ነው።