ተራው ባልዲ ወይስ የሚታጠበው? ለአንድ ክፍል ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት

ቤት ለማሳደስ የሚነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ባልዲው ስንት ነው?» ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር የትኛውም ቀለም ሱቅ ብትገቡ ባለሱቁ መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፦ «ይሄኛው ርካሽ ነው ጋሼ፣ አቀባቡ ግን ያው ነው።» አቀባቡ ያው አይደለም። መጠየቅ ያለበት የባልዲው ዋጋ ሳይሆን አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ተሸፍኖ እስኪያልቅ የሚፈጀው ገንዘብ ነው። በዚህ ስሌት ለግድግዳ የሚታጠበው ፕላስቲክ ቀለም ያሸንፋል። ተራው የሚያዋጣባቸው ቦታዎችም አሉ፣ ወደ መጨረሻው እንደርስባቸዋለን።

መጀመሪያ ብዙዎችን የሚያሳስተው ኪሎ ነው። ተራው ቀለም ብዙ ጊዜ በኪሎ፣ ጥሩው ደግሞ በሊትር ይሸጣል። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም ከ1.3 እስከ 1.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ «20 ኪሎ» የተጻፈበት ባልዲ 20 ሊትር ሳይሆን 14 ሊትር ገደማ ነው የያዘው። በባልዲው ላይ «ኪሎ» ይላል ወይስ «ሊትር» የሚለውን ሳታዩ ሁለት ዋጋ አታወዳድሩ።

አሁን አንድ ክፍል እንውሰድ። ወርዱም ርዝመቱም 4 ሜትር፣ ከፍታው 2.7 ሜትር ነው። ዙሪያው 16 ሜትር ስለሆነ ግድግዳው 43 ካሬ ይሆናል፤ በሩንና መስኮቱን ስትቀንሱ 40 ካሬ ገደማ ይቀራል። ጥሩ የሚታጠብ ቀለም በለስላሳ ግድግዳ ላይ በአንድ እጅ በሊትር 10 ካሬ ይሸፍናል፣ ሁለት እጅም ይበቃዋል። 40 በ2 ተባዝቶ ለ10 ሲካፈል 8 ሊትር ነው፤ ለብክነትና ለማእዘን አንድ ሊትር ስትጨምሩ 9። ተራው በሊትር 6 ካሬ ከሸፈነ ጥሩ ነው፣ የድሮው ቀለም እንዳይታይም ሦስት እጅ ይጠይቃል። ይህ 20 ሊትር ነው፣ ከብክነቱ ጋር 22። ግድግዳው ሸካራ ልስን ከሆነ ሁለቱም ከዚህ የበለጠ ይጠጣሉ።

የቀለም ዋጋ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ለማስያ ብቻ ናቸው፣ የራሳችሁን ሱቅ ዋጋ ተክታችሁ አስሉ። ባለ 20 ኪሎው ተራ ባልዲ 3,500 ብር ነው እንበል፤ 14 ሊትር ስለሆነ ሊትሩ 250 ብር ወጣ። የሚታጠበው ሊትሩ 600 ይሁን። የሚታጠበው 9 ሊትር 5,400 ብር ነው። ተራው 22 ሊትር 5,500 ብር፤ ባልዲ ግማሹ ስለማይሸጥ ግን ሁለት ባልዲ ትገዛላችሁ፣ 7,000 ብር። ቀቢው ለአንድ እጅ በካሬ 40 ብር ቢያስከፍል፣ ሁለት እጅ 3,200፣ ሦስት እጅ 4,800 ነው። ድምሩ 8,600 በ11,800 ሆነ። ሱቅ ውስጥ ርካሽ የመሰለው 3,200 ብር አስበለጠ። የሚታጠበው ሊትር ከተራው ሊትር ከ2.4 እጥፍ በላይ እስካልተወደደ ድረስ በቀለሙ ብቻ እንኳ አትከስሩም፤ ከቀቢው ክፍያ የሚቀነሰው ደግሞ ትርፍ ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከውስጡ ነው። የድሮውን ቀለም የሚሸፍነው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ነው፤ ውድ ስለሆነ በተራው ቀለም ውስጥ ይቀነስና በኖራ ድንጋይ ዱቄት ይተካል። የሚያጣብቀው ሙጫም እንዲሁ ይቀነሳል። ስለዚህ ተራው ቀለም በደረቀ በሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ስታሹት ጨርቁ ላይ ይወጣል፣ ልጅ እጁን ያሳረፈበትን ቦታ ማጠብ አይቻልም። ከመግዛታችሁ በፊት መሞከር ከፈለጋችሁ ከእያንዳንዱ ትንሽ ወስዳችሁ ጽሑፍ በበዛበት ጋዜጣ ላይ ሁለት እጅ ቀቡ። ሲደርቅ ፊደሉ የሚነበብበት ቀለም ግድግዳ ላይም አይሸፍንም።

የታወቀ ፋብሪካ ባልዲ ውስጥ ተራ ቀለም ተገልብጦ የሚሸጥበትም ጊዜ አለ። ክዳኑ ዙሪያውን የያዘው ማሸጊያ የተሰነጠቀ ወይም የሌለ ከሆነ፣ የምርት ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ አትውሰዱ። ሲከፈት ታችኛው ክፍል እንደ ጭቃ የጠነከረና በዱላ ሲበጠበጥ የማይዋሃድ ከሆነም እንደዚያው መልሱት።

ከቀለሙ ይልቅ ገንዘብ የሚበላው ግን ዝግጅቱ ነው፣ ሰዎችም የሚቀንሱት እሱን ነው። ግድግዳውን በእጃችሁ እሹት፤ ነጭ ዱቄት ከያዛችሁ ከታች ኖራ አለ ማለት ነው። ኖራ ላይ የሚታጠበውን ቀለም በቀጥታ መቀባት ገንዘብ መጣል ነው፣ ጠንካራው ቀለም ሲደርቅ ደካማውን ኖራ ይዞ ይላጣል። ኖራው በስፓቱላ ተፍቆ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ ፕራይመር መቀባት አለበት። ያንን ወጪ ካልቻላችሁ ኖራውን በኖራ ማደስ ይሻላል። የተሰነጠቀውን በስቱኮ ስትሞሉ ደግሞ ስቱኮው ብቻ ቀለሙን ስለሚመጥ ደርቆ በብርጭቆ ወረቀት ከተስተካከለ በኋላ ያንን ቦታ ለብቻው አንድ እጅ ቀድማችሁ ቀቡት፤ አለበለዚያ በጎን በብርሃን ሲታይ እንደ ቁራጭ ጨርቅ ጎልቶ ይታያል።

የማገዶ ጢስ የነካው ግድግዳ ሌላ ነገር ነው። ሦስትና አራት እጅ ነጭ ብትቀቡም ቡናማው እየሰረገ ይወጣል፣ ምክንያቱም በውሃ የተበጠበጠ ቀለም ጢሱን መልሶ ያሟሟዋል። በሳሙና ታጥቦ፣ ሲደርቅ ቦታው አንድ እጅ የዘይት ቀለም ይቀባና ላዩ ላይ ፕላስቲኩ ይደረባል። ክረምት ላይ የታችኛው ግድግዳ እርጥብ ሆኖ ከቆየም አትቀቡ፤ እርጥበቱ ከኋላ እየገፋ ያሳብጠዋል። ከመስከረም በኋላ ፀሐይ ሲወጣና ግድግዳው ሲደርቅ ይሻላል። ደብረ ማርቆስ ላይ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ረፋድ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ መጨረስ ነው፣ ቅዝቃዜ የመታው ቀለም በደንብ አይጣበቅም።

ተራው የሚበቃው ለኮርኒስ ነው። እጅ አይነካውም፣ አይታጠብም፣ ስለዚህ ከላይ ያለው 16 ካሬ ላይ ገንዘብ አታባክኑ። ለአጭር ጊዜ የምታከራዩት ወይም በየዓመቱ የምታድሱት ክፍልም እንደዚያው።

ከቀቢው ጋር ስትስማሙ በካሬ ብቻ አትዋዋሉ፤ «ሁለት እጅ» ወይም «ሦስት እጅ» የሚለው ቃል ይግባ። በካሬ ብቻ ከሆነ ውሃ አብዝቶ ቶሎ መጨረስ ነው የሚጠቅመው። የመጀመሪያው እጅ ላይ ከ10 እስከ 20 በመቶ፣ የመጨረሻው ላይ ከ10 በመቶ ያልበለጠ ውሃ ይበቃል። ቀለሙ ከሮለሩ እየተንጠባጠበ ወለሉን ካበላሸና ግድግዳው ላይ ዥረት ከሠራ ውሃው በዝቷል። የተገዛውን ቀለም ሁሉ በአንድ ትልቅ በርሜል አዋህዱት፣ በተለይ ቀለም ማቅለሚያ የተጨመረበት ከሆነ፤ ሁለተኛው ባልዲ ከመጀመሪያው ትንሽ ተለይቶ ቢመጣ ግድግዳው መሃል ላይ ይታያል። ከሥራው የተረፈውን ግማሽ ሊትር በታሸገ ዕቃ አስቀምጡ፣ የቀቢውን ቀሪ ክፍያ ደግሞ የመጨረሻው እጅ ደርቆ በቀን ብርሃን ካያችሁት በኋላ ክፈሉ።