ስምንት አሮጌ ካሜራ በአዲስ ዲቪአር ላይ፦ የዘጠኝ ወር ልምዴ

ጅማ ሔርማታ አካባቢ ለምሠራበት ሱቅና ከጀርባው ላለው የቡና መጋዘን ስምንት አናሎግ ካሜራዎች ካስተከልኩ ዓመታት ሆነዋል። ባለፈው ጥቅምት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አሮጌው መቅጃ ተቃጠለብኝና ባለ ስምንት ቻናል ዲጂታል መቅጃ፣ በተለምዶ ዲቪአር የምንለውን፣ ባለ 1 ቴራ ባይት ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። ይህን የመረጥኩት በማሸጊያው ላይ አዲሶቹንም አሮጌዎቹንም የአናሎግ ዓይነቶች እንደሚቀበል ስለተጻፈበት ነው፤ ካሜራዎቹን ከነገመዳቸው ልቀይር ብል ኖሮ ወጪው ከመቅጃው ዋጋ ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። አሁን ሐምሌ ላይ ነን፤ ዘጠኝ ወር ያህል ሌት ተቀን ስለሠራ የምጽፈው ከሳጥኑ ባወጣሁበት ቀን በተሰማኝ ስሜት አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን አምስቱ ካሜራዎች ምስል ሲያሳዩ 3ኛው፣ 4ኛውና 8ኛው ባዶ ሆኑ። የገጠመልኝ ባለሙያ «ጋሼ፣ እነዚህ ካሜራዎች ጊዜያቸው አልፏል፤ ዲጂታል መቅጃ አናሎግ አይወድም» ብሎኝ ሄደ። ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን የተገዙ አምስት እኩያዎቻቸው በዚያው ስክሪን ላይ እየታዩ ሦስቱ በእርጅና ጠፉ መባሉ አልተዋጠልኝም።

ከዚህ መቅጃ ጋር ስኖር አስቀድሜ የተማርኩት ባዶ ስክሪን ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው። በቻናሉ መስኮት ላይ VIDEO LOSS የሚል ጽሑፍ ካለ መቅጃው ከገመዱ ምንም ምልክት አላገኘም፣ ወይም ያገኘውን አልለየውም ማለት ነው። ጽሑፉ ሳይኖር ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ግን ምልክቱ እየገባ ነውና ገመዱን ከመጎተት በፊት የካሜራውን ሌንስና ዳሳሽ ማየት ይቀድማል፤ አንዴ ሸረሪት ሌንሱ ላይ ድር አድርታበት ሌሊቱን በሙሉ ነጭ ጭጋግ ብቻ አይቻለሁ። የእኔ ሦስቱም ካሜራዎች VIDEO LOSS የሚሉ ነበሩ። ስለዚህ ከቤት አንዲት ትንሽ አሮጌ ቴሌቪዥን አውጥቼ በቢጫው የቪዲዮ መግቢያዋ ላይ በካሜራ ገመድ ጫፍ ያለውን ክብ የቢኤንሲ ጃክ የሚቀበል መቀየሪያ ሰካሁና በየካሜራው ሥር በአንድ ሜትር ገመድ አገናኘኋት። ሦስቱም ጥርት ያለ ምስል ሰጡ። ጥፋቱ ከካሜራው ወዲህ፣ ወደ መቅጃው በሚያደርሰው መንገድ ላይ መሆኑ በአንድ ከሰዓት ተረጋገጠ። ይህ ዘዴ የሚሠራው ግን እንደ እኔዎቹ ላሉ የቀድሞው ዓይነት አናሎግ ካሜራዎች ብቻ ነው፤ በኋላ የመጡት ከፍተኛ ጥራት ያላቸው አናሎግ ካሜራዎች በእንዲህ ያለ ቴሌቪዥን ላይ በትክክል አይታዩምና በእነሱ ላይ ብይን መስጠት አይቻልም።

የ8ኛው ካሜራ ጉዳይ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። መቅጃው በኔትወርክ የሚመጡ ካሜራዎችንም ስለሚቀበል በቻናል ዓይነት ገጹ ላይ የመጨረሻው ቻናል IP ተብሎ ተመርጦ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን ከኋላው ያለው የቢኤንሲ መግቢያ ገመድ ቢሰካበትም ዝግ ነው። ወደ አናሎግ መልሼ መቅጃውን እንደገና ሳስነሳው ምስሉ መጣ።

3ኛው የገመድ ነገር ነበር፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ኮአክሲያል ገመድ መሃሉ ላይ አንድ የመዳብ ሽቦ፣ በዙሪያው ደግሞ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ መረብ አለው፤ ሁለቱ በምንም መንገድ መነካካት የለባቸውም። ገመዱን ከካሜራውም ከመቅጃውም ነቅዬ ቴስተሩን በኦም አድርጌ መሃሉን ከመረቡ ጋር ስለካ ምንም ንባብ መታየት አልነበረበትም፤ እኔ ግን 0.3 ኦም አነበብኩ፣ ይህም የቴስተሩ መለኪያ ሽቦዎች እርስ በርስ ሲነካኩ ከሚያሳዩት የማይለይ ነው። ቁጥሩ ጥፋት መኖሩን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም ይናገራል። ይህ ገመድ 50 ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው የተነካካው በካሜራው ጫፍ ቢሆን ኖሮ የመዳቡ የራሱ መቋቋም ተጨምሮ ሁለት ኦም አካባቢ ባነበብኩ ነበር፤ ወደ ዜሮ የተጠጋው መነካካቱ እኔ ከቆምኩበት አጠገብ፣ በመቅጃው በኩል ባለው ጃክ ውስጥ ስለሆነ ነው። ጃኩን ፈትቼ በስልኬ መብራት ሳየው ከመረቡ የተረፈች አንዲት ፀጉር የምታህል ሽቦ ወደ መሃል ታጥፋ የመሃሉን ፒን ነክታለች። ቆርጬ አዲስ ጃክ ካሰርኩ በኋላ የካሜራውን ጫፍ በአጭር ሽቦ ሆን ብዬ አገናኝቼ እንደገና ለካሁ፤ ሁለት ኦም ከትንሽ ነገር በላይ ሲያሳየኝ ገመዱ እስከ መጨረሻው ጤነኛ መሆኑን አወቅኩ።

እዚህ ላይ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ። በመጀመሪያ የለካሁት ሌላኛውን ጫፍ ከመቅጃው ሳልነቅል ነበር፤ 75 ኦም ያህል ሲያሳየኝ ሌላ ጥሩ ገመድ አበላሽቼ ልቆርጥ ነበር። ያ ቁጥር የመቅጃው መግቢያ የራሱ መቋቋም ነው እንጂ ጥፋት አይደለም። ሁለቱንም ጫፍ ሳይነቅሉ መለካት ዋጋ የለውም።

4ኛው ከሁሉም በላይ ያደከመኝ ነው፣ ምክንያቱም ገመዱም ኃይሉም ደህና ሆኖ አንዳንድ ቀን ይታያል፣ አንዳንድ ቀን ይጠፋል። ሳምንት ያህል ማስታወሻ ስይዝ የሚጠፋው ሁልጊዜ መብራት ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ሆኖ አገኘሁት። መቅጃው እያንዳንዱ ቻናል የትኛው የምልክት ዓይነት እንደገባበት በራሱ ለይቶ ያውቃል፤ የቻናሉ ምርጫ AUTO ላይ ነበር። እንደሚመስለኝ መብራት ሲመለስ መቅጃውና ካሜራዎቹ አብረው ሲነሡ ከስምንቱ ረጅሙ ገመድ ያለው የ4ኛው ካሜራ ምልክት ደካማ ስለሆነ መቅጃው ገና ሳይረጋጋ ያየውን ወደ ሌላ ዓይነት ይቆጥረውና በዚያው ይቀራል። ምርጫውን ከ AUTO ወደ CVBS፣ ማለትም እንደ እኔዎቹ ላሉት የቀድሞው ዓይነት አናሎግ ካሜራዎች ወደሚሆነው፣ ቀየርኩት፣ የሲስተሙ የምስል ደረጃም PAL መሆኑን አረጋገጥኩ፤ ካሜራዎቼ በሰከንድ 25 ምስል የሚልኩ ናቸውና ይህ ከእነሱ ጋር ይገጥማል። ከኅዳር ጀምሮ መብራት ስንት ጊዜ እንደጠፋ የጅማ ሰው ያውቀዋል፤ 4ኛው ካሜራ ግን አንድ ጊዜም አልጠፋም። እንዲህ ያለ ምርጫ በእያንዳንዱ ቻናል በእጅ እንዲቀየር መፍቀዱን የዚህ መቅጃ ትልቁ በጎ ጎን አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ የምትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ ምናሌው ላይ ማየት የሚገባችሁም ይህን ነው።

ታኅሣሥ ላይ ደግሞ እስከዚያ ጊዜ ደህና የነበረው የበሩ ካሜራ፣ 6ኛው፣ ሲመሽ መጥፋት ጀመረ። ቀን ጥርት ብሎ ይውልና ጨለማ ሲሆን ምስሉ ብቅ ይላል፣ VIDEO LOSS ይላል፣ እንደገና ብቅ ይላል። ማታ መሰላል ላይ ወጥቼ ስጠጋው በየጥቂት ሰከንዱ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ሌሊት ለማየት የሚረዱት ኢንፍራሬድ አምፖሎች ደብዛዛ ቀይ ሆነው ይበሩና ይጠፋሉ። ኃይል አንሶት እየወደቀ የሚነሣ ካሜራ ምልክት ይህ ነው። ባለሙያው የኃይል ሽቦውን ከካሜራው ነቅሎ ለክቶ 12.1 ቮልት ስላገኘ «ኃይሉ ሙሉ ነው» ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ምንም ነገር ያልተሸከመ ሽቦ ሁልጊዜ ሙሉ ቮልት ያሳያል። ካሜራው እንደተሰካ ስለካው ቀን 11.4፣ አምፖሎቹ ሲበሩ 9.5 ቮልት ሆነ። ሽቦው ቀጭን የደወል ሽቦ ነው፣ 45 ሜትር ይሄዳል፤ ደርሶ መልሱ 90 ሜትር ሲሆን አምስት ኦም ያህል ይቋቋማል። ካሜራው ቀን 0.13 አምፔር ስለሚወስድ የሚጠፋበት ከአንድ ቮልት ያነሰ ነው፤ ማታ ግን ወደ ግማሽ አምፔር ሲጠጋ ሁለት ቮልት ተኩል በመንገድ ይቀራል። የካሜራው ወረቀት የሚፈቅደው አሥር በመቶ ከፍና ዝቅ፣ ማለትም ቢያንስ 10.8 ቮልት ነው።

የፓወር ሰፕላዩን ማስተካከያ ብሎን አዙሮ ቮልቱን ከፍ ማድረግ ቀላል ይመስላል፤ እኔ አላደረግኩትም፣ ምክንያቱም ለሩቁ የተጨመረው ቮልት መጋዘኑ ውስጥ አጠገቡ ያሉትን ካሜራዎች ከተፈቀደላቸው በላይ ያሳልፋቸዋል። ይልቁንም በጥበቃው ክፍል ሶኬት ስለነበር ለ6ኛው ብቻ 12 ቮልት 2 አምፔር አዳፕተር እዚያው ተከልኩለት። ማታ 11.9 ያነባል፤ ከዚያ ወዲህ አልወደቀም።

ክረምቱ ከገባ ወዲህ 3ኛው ካሜራ ተመልሶ መረበሽ ጀምሯል። ሰኔ ላይ ከዝናብ በኋላ ምስሉ ይደበዝዝና በመጨረሻ ይጠፋ ነበር፤ ፀሐይ ሲወጣ ይመለሳል። በካሜራው በኩል ያለው ጃክ ጣሪያው ጠርዝ ሥር ውጭ ተንጠልጥሏል፤ ስፈታው መረቡ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ግማሽ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ጠቁሯል። የጠቆረውን ሁሉ ቆርጬ አዲስ ጃክ አሰርኩ፣ በሚለጠጥ ጎማ ቴፕ ጠቀለልኩ፣ ገመዱንም ውኃው ወደ ጃኩ እንዳይወርድ ከሥሩ ወደ ታች አጎበጥኩት። ጅማ ላይ ውጭ የሚውል ጃክ ያለዚህ ክረምቱን አያልፍም።

ስለ መቅጃው ራሱ፦ አሮጌዎቹን ካሜራዎች ይቀበላል፣ ነገር ግን አያሻሽላቸውም። የሚቀዳው ቢበዛ 960 በ576 ነው፣ ይህም ከሙሉ 1080 ምስል ሩብ ያህል ነው፤ በበሩ ካሜራ ሰው መግባቱንና ጆንያ መሸከሙን አያለሁ፣ የመኪና ታርጋ ግን አላነብም። እያንዳንዱ ቻናል በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት ሲቀዳ ስምንቱ በቀን 86 ጊጋ ባይት ገደማ ይሞላሉ፣ ዲስኩም 11 ቀን ያህል ይይዝልኛል፤ ለመጋዘኔ ይበቃል። የሚያናድደኝ VIDEO LOSS የምትለው ቃል ናት። ገመዱ ሲነካካም፣ ኃይሉ ሲወድቅም፣ ምርጫው ሲሳሳትም ያችው አንዲት ቃል ናት የምትወጣው፤ ምልክት አለ ግን አልለየሁትም ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ 4ኛውን ካሜራ ሳምንት ሙሉ ባላሳደድኩት ነበር።