ለኤሌክትሮኒክስ ሥራዎቼ መያዣና ማቆሚያ የማትምበት ስሪዲ ፕሪንተር፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ የገዛሁት ስሪዲ ፕሪንተር ዙሪያው ያልተሸፈነ፣ ርዝመቱም ወርዱም 22 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዕቃ ማተም የሚችል፣ የቀለጠው ፕላስቲክ የሚወጣበት ኖዝሉም 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ማሽን ነው። የገዛሁት ለምሠራቸው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ጠንካራ መያዣ እንዲሠራልኝ ሲሆን፣ በእነዚህ ወራት የደረስኩበት ድምዳሜ ግን ከመግዛቴ በፊት ከጠበቅሁት ይለያል። ማሽኑ ዋጋውን የሚያወጣው የውጪውን ሳጥን ሲያትም ሳይሆን በሳጥኑ ውስጥ ቦርዱን የሚይዘውን ማቆሚያ ሲያትም ነው።

ይህን በግልጽ ያሳየኝ ሥራ አዲስ አበባ በሚገኘው ቤታችን ጣሪያ ላይ ያለው የውኃ ታንከር መጠን መለኪያ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ታንከሩ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ ማወቅ ስለሚጠቅም፣ ኢኤስፒ 32 የተባለ ዋይፋይ ያለው ትንሽ ቦርድ እና ውኃ የማያስገባ የድምፅ ሞገድ ርቀት መለኪያ አገናኝቼ ውጤቱን በዋይፋይ ወደ ስልካችን እልካለሁ። ለዚህ ሥራ ሙሉውን ሳጥን ማተም ይቻል ነበር። ይሁን እንጂ የታተመ ግድግዳ እርስ በርሱ የተደራረበ የፕላስቲክ ክር በመሆኑ በንብርብሮቹ መካከል በዓይን የማይታዩ ክፍተቶች ይኖሩታል፤ ክዳኑንም ከነጎማው በትክክል እንዲገጥም አድርጎ ማተም ብዙ ሰዓት ይወስዳል። በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ የሚገኘው ባለ ጎማ ክዳን ነጭ ጀንክሽን ቦክስ ዋጋው ቀላል ነው፤ ዝናብ ይችላል፣ ፕላስቲክ ስለሆነም ዋይፋይን እንደ ብረት ሳጥን አያግድም። ስለዚህ ሳጥኑን ገዛሁ፤ ማሽኑ ደግሞ ለውስጡ ልክ የሆነ፣ ቦርዱን የሚይዝ ትሪ አተመልኝ። ኬብሉን በሳጥኑ ታች በኩል በትራፓኖ በበሳሁት ቀዳዳ በማጥበቂያ አስገባሁ፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ የሚፈጠረው ጤዛ መውጫ እንዲያገኝም እዚያው ታች አንድ ትንሽ ቀዳዳ ተውኩ።

የትሪው ጥንካሬ የሚወሰነው ብሎኑ በሚገባበት ቦታ ነው። ብሎንን በቀጥታ ፕላስቲክ ውስጥ ማጥበቅ ለአንድ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ ቦርዱን ለጥገና ደጋግሞ ለሚያወጣ ሰው ግን ጥርሱ ቶሎ ይበላል። እኔ የምጠቀመው በሙቀት ፕላስቲኩ ውስጥ የሚገባ፣ ውስጡ የብሎን ጥርስ ያለው አጭር የናስ ቱቦ ነው። የውጪ ስፋቱ 4.6 ሚሊ ሜትር ለሆነ የኤም 3 ናስ ቀዳዳውን 4 ሚሊ ሜትር አደርጋለሁ፤ በዙሪያው ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ግድግዳ እተዋለሁ፤ የቀለጠው ፕላስቲክ የሚሄድበት እንዲያገኝም ቀዳዳውን ከናሱ ርዝመት በ1 ሚሊ ሜትር ያህል አስረዝማለሁ። ከዚያ የመበየጃ ካውያውን ወደ 230 ዲግሪ አሙቄ ናሱን ሳልጫን፣ በካውያው ክብደት ብቻ ቀስ ብሎ እንዲሰምጥ አደርጋለሁ። ጥቂት ሲቀረው ካውያውን አንሥቼ በጠፍጣፋ ብረት ጫን ብዬ እስኪቀዘቅዝ እይዘዋለሁ፤ እንዲህ ሲደረግ ናሱ ቀጥ ብሎ ከገጹ እኩል ይቀመጣል። ናሱ ዘንበል ብሎ ከገባ ብሎኑ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ ስለሚከብድ ወዲያው ይታወቃል፤ አሁንም በካውያው አሙቆ ማቃናት ይቻላል። የታተመ ቀዳዳ ከተሣለው ጠበብ ብሎ የመውጣት ጠባይ ስላለው፣ ሙሉውን ትሪ ከማተም በፊት ቀዳዳው ያለበትን ጥግ ብቻ ቆርጦ ማተምና በካሊፐር መለካት ሰዓትም፣ ፊላመንት የሚባለውን የማተሚያ ፕላስቲክ ክርም ያተርፋል።

ስለ ፊላመንት ምርጫ ካየሁት በእጅጉ የሚጠቅመው ይህ ነው። አንድን ማንጠልጠያ ፒኤልኤ እና ፒኢቲጂ በሚባሉት ሁለት የፕላስቲክ ዓይነቶች አትሜ ሁለቱንም ጣሪያው ላይ ጎን ለጎን በብሎን አሰርኋቸው። የአዲስ አበባ አየር ለዘብ ያለ ቢሆንም በቀጥታ ፀሐይ የሚመታው ጥቁር ፕላስቲክ ከአየሩ እጅግ ይሞቃል፤ ፒኤልኤ ደግሞ 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። የፒኤልኤው ክንድ በበጋው ወራት ቀስ በቀስ ወደ ታች ጎበጠ። ከመጉበጡ በፊት ግን ብሎኑ ላልቶ ነበር። ፒኤልኤ ሳይለሰልስም ቢሆን ያለማቋረጥ ሲጨመቅ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ዛሬ የጠበቀ ብሎን ከሳምንታት በኋላ በጣት ይዞራል። እስከ 80 ዲግሪ አካባቢ ቅርጹን የሚይዘው ፒኢቲጂ ገጹ ከመደብዘዙ በቀር አልተለወጠም። ለእሱም ቢሆን ቀዳዳው ውስጥ አጭር የብረት ቱቦ አስገብቼ ከላይ ሮንዴላ አደርጋለሁ፤ ያን ጊዜ ብሎኑ የሚጨምቀው ብረቱን ስለሚሆን ፕላስቲኩ ቦታውን ከመያዝ ሌላ ሸክም የለበትም።

ሌላው ወሳኝ ነገር ዕቃው ሲታተም የሚተኛበት አቅጣጫ ነው። የታተመ ዕቃ እንደ እንጨት ነው፤ በክሩ አቅጣጫ ብርቱ ሲሆን በንብርብሮቹ መካከል በቀላሉ ይሰነጠቃል። ኤል ቅርጽ ያለው ማንጠልጠያ ቆሞ ከታተመ ክብደቱ በማዕዘኑ ላይ ንብርብሮቹን ለመለያየት ይስባል፤ በጎኑ ተኝቶ ሲታተም ግን ክሮቹ ማዕዘኑን ዞረው ስለሚያልፉ በእጅ ለመስበር ያስቸግራል። የውስጥ ሙሌቱን ከመጨመር ይልቅ የግድግዳ መስመሮቹን አራት ማድረግ የበለጠ ጥንካሬ እንደሚሰጥም ሰብሬ በማየት አረጋግጫለሁ።

ወደ ማሽኑ ስመለስ፣ መብራት ሲጠፋ ካቆመበት የመቀጠል ችሎታው ለእኛ አገር ከሁሉ በላይ የሚፈለግ ነው ብዬ ነበር የገዛሁት። በእርግጥም ይቀጥላል። ሆኖም መብራቱ እስኪመለስ የቀዘቀዘው ንብርብር ከአዲሱ ጋር በደንብ ስለማይጣበቅ በዕቃው ዙሪያ ቀጭን መስመር ይታያል፤ ዕቃው በኃይል ሲታጠፍም የሚሰነጠቀው በዚያ መስመር ላይ ነው። ጠረጴዛው ሲበርድም ዕቃው ሊላቀቅ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ የተቋረጠ ማንጠልጠያ ክብደት ለሚሸከም ቦታ አልጠቀምበትም፤ ለትሪ ግን ይበቃል። በክረምት ደግሞ ፒኢቲጂ እርጥበት ስቦ ኖዝሉ ላይ ጠሽ ጠሽ ይላል፣ ገጹም ጸጉር ያወጣል፤ በ65 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓታት ካደረቅሁት በኋላ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

ሌዘር መቁረጫ በክፍያ በሚሠራበት ቦታ ያስቆረጥኋቸው የአክሪሊክ ፊት ሰሌዳዎች ንጹሕና ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን ቀዳዳው ለጠርዙ ከቀረበ ብሎኑ ሲጠብቅ ይሰነጠቃሉ፤ ስለዚህ ለማሳያ እንጂ ለሸክም አላስቆርጣቸውም።

ማሽኑ የማይደርስበት ወሰንም አለ። ፀሐይን ከፒኢቲጂ በተሻለ የሚቋቋመው ኤኤስኤ የሚባል ፕላስቲክ ሲታተም ዙሪያው ተዘግቶ ሙቀት ካልያዘ ጠርዙ እየተነሣ ይጣመማል፤ ሽታውም ለሚኖርበት ክፍል አይሆንም። በዚህ ምክንያት ጀንክሽን ቦክሱን ከታንከሩ ብረት ጋር የሚያያይዘውን፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚውለውን ማንጠልጠያ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው አሉሚኒየም በብረት መጋዝ ቆርጬ፣ ጠርዙን በሞረድ አስተካክዬ፣ በትራፓኖ በስቼ በእጄ ሠራሁት። የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ማሽኑ በዚያው ጊዜ ትሪውን እያተመ ነበር።